ግልባጭ ለማን?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኢሜይል ነው፤ ነገሩ የመጣው ግን ከሃያ ወንበር ነው።

ለቢሮ ወንበር ልንገዛ አንድ አቅራቢ ዋጋ ላከልን፣ አንዱን በ9,500 ብር። አለቃዬ ግልባጭ በሚደርሳቸው ሰዎች መስመር፣ ሲሲ ላይ ነበሩ። እሳቸው እዚያው ላይ «እንዴት አየኸው?» ብለው ለሁሉም መለሱ። እኔም «ሪፕላይ ኦል»ን ተጫንኩና «8,800 እንበላቸው፤ እምቢ ካሉ እስከ 9,200 በጀት አለን» ብዬ ጻፍኩ። ሰባት ደቂቃ አልሞላም፤ አቅራቢው «በ9,200 ተስማምተናል፣ እናመሰግናለን» አለ። አለቃዬ ምንም አላሉም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መልስ ልጽፍ ስል መጀመሪያ የማነበው ጽሑፉን ሳይሆን አድራሻዎቹን ነው። ከመካከላቸው ከመሥሪያ ቤታችን ውጪ ያለ ሰው ካለ፣ የውስጡን ጉዳይ በሌላ አዲስ ኢሜይል እጽፈዋለሁ። ስሙን ከዚያው ላይ መሰረዝ አይበቃም፤ ከታች የተንጠለጠለው የቆየ ምልልስ አብሮ ይሄዳልና አንድ ሰው መልሶ ሲያስገባው ሁሉንም ያነበዋል።

ሲሲ ላይ ማን ይግባ ለሚለው የድሮው ደብዳቤ ይረዳኛል። ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ይልና ለፋይናንስ ክፍል «ክፍያው እንዲፈጸም»፣ ለመዝገብ ቤት «ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ» ተብሎ ይጻፋል። በታይፕ ዘመን እያንዳንዱ ግልባጭ አንድ ካርቦን ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ቅጂ ደግሞ ደብዝዞ ለማንበብ ያስቸግራል። ስለዚህ ሰው ሳያስብ አይጨምርም ነበር። አሁን ግን ስም መጨመር ምንም አያስከፍልም፣ ምክንያት መጻፉም ቀረ።

እኔ «ይህ ሰው ኢሜይሉን ባያየው ምን ይበላሻል?» እላለሁ። መልስ ካጣሁ ስሙን አወጣለሁ። አለቃን ለማስፈራሪያ ማስገባትማ... እሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ተቀባዩ «ከሰሰኝ» ብሎ ነው የሚያነበው።

ሰውን ግልባጭ ያደረግሁበትን ምክንያት ደግሞ ከሰላምታው ቀጥሎ፣ በአንድ መስመር እጽፋለሁ። ወንበሮቹ ሊመጡ ሲሉ ለአቅራቢው የላክሁት እንዲህ ይላል፦ «የንብረት ክፍል ኃላፊያችንን ግልባጭ ያደረግኋቸው ሐሙስ ዕቃውን የሚረከቡት እሳቸው ስለሆኑ ነው። የሒሳብ ክፍላችን ደግሞ የርክክቡን ቀን እንዲያውቀው ብቻ ነው፤ መልስ አይጠበቅበትም።»

የሒሳብ ክፍል ዝም አለ። የንብረት ኃላፊው ግን «ሐሙስ ቆጠራ ላይ ነኝ፣ ዓርብ ጠዋት ይሁን» ብለው ለሁሉም መለሱ። እዚህ ላይ ለሁሉም መመለሱ ልክ ነበር፤ መኪናውን የሚልከው አቅራቢው ነዋ። ወንበሮቹ ዓርብ ገቡ፣ በ9,200።