ባንኩ በ16 በመቶ ቢያበድርም የፕሮጀክቱ መለኪያ 16 አይደለም

ጥያቄ፦ የዱቄት ፋብሪካ ያለን አክሲዮን ማኅበር ነን። ማስፋፊያው 100 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፤ 60ው ከባንክ በ16 በመቶ ወለድ፣ 40ው ከባለአክሲዮኖች ነው። ፕሮጀክቱ ከግብር በኋላ 17 በመቶ ያስገኛል። ከወለዱ ስለሚበልጥ አያዋጣም?

መልስ፦ በእነዚህ ቁጥሮች ለጥቂት አያዋጣም። የባለአክሲዮኖቹ 40 ሚሊዮን ወለድ አይታሰብበትም እንጂ በነጻ የተገኘ ገንዘብ አይደለም። ባንኩ ድርሻውን ወስዶ የተረፈው ነው የሚደርሳቸው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ከባንኩ በላይ ይጠብቃሉ፤ 28 በመቶ እንበል። ይህ በዓመት 11.2 ሚሊዮን ብር ነው።

ብድሩ በበኩሉ ከሚመስለው ይረክሳል። ዓመታዊ ወለዱ 9.6 ሚሊዮን ነው፤ ከትርፍ ላይ በወጪነት ስለሚቀነስ በ30 በመቶ የድርጅት ግብር 2.88 ሚሊዮን ያስቀራል። በእርግጥ የሚያስወጣችሁ 6.72 ሚሊዮን፣ ማለትም የብድሩ 11.2 በመቶ ነው። የትርፍ ድርሻ ግን ግብር ከተከፈለ በኋላ ስለሚከፋፈል ይህ ጥቅም የለውም። ሁለቱ ሲደመሩ 17.92 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ የ100 ሚሊዮኑ አማካይ ዋጋ 17.92 በመቶ ነው ማለት ነው፣ ከፕሮጀክቱ 17 በመቶ ይበልጣል፦

```
0.60 × 16% × (1 − 0.30) + 0.40 × 28% = 17.92%
```

17 በመቶውን ስታሰሉ ወለዱን ቀንሳችሁ ከሆነ ደግሞ እንደገና ሥሩት። የፕሮጀክቱ ገቢ ብድር እንደሌለ ተቆጥሮ፣ ግብሩም ወለድ ሳይቀነስ በፊት ባለው ትርፍ ላይ ተሰልቶ ነው ከ17.92 ጋር የሚነጻጸረው። አለበለዚያ ወለዱም፣ ያስቀረው ግብርም ሁለት ጊዜ ይቆጠራሉ።

ፋብሪካው ግብር የሚከፈልበት ትርፍ ከሌለው ደግሞ የሚቀርለት ግብር የለም። ኪሳራው ወደ ቀጣይ ዓመታት ቢሸጋገር እንኳ ጥቅሙ ይዘገያል፤ ለዚያ ዓመት ብድሩ ሙሉ 16፣ አማካዩ 20.8 በመቶ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ብድሩ 11.2 በመቶ ብቻ ከሆነ ታዲያ 80 ሚሊዮን ለምን አንበደርም?

መልስ፦ 28ቱን ሳትነኩ ካሰላችሁ 14.56 በመቶ ይመጣል፤ ያ ግን የወረቀት ቁጥር ነው። ከወለድና ከግብር በፊት 20 ሚሊዮን ታተርፋላችሁ እንበል። በ60 ሚሊዮን ብድር ወለዱ ተከፍሎ 10.4 ሚሊዮን፣ በ80 ሚሊዮን ብድር 7.2 ሚሊዮን ይተርፋል። ስንዴ ተወድዶ ትርፉ ወደ 15 ሚሊዮን ቢወርድ የመጀመሪያው 5.4፣ ሁለተኛው 2.2 ሚሊዮን ይሆናል። አንዱ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ሌላው ከሦስት እጁ ሁለቱን ያጣል።

ይህን ያየ ባለአክሲዮን በ28 አይረካም። 38 ቢጠይቅ አማካዩ 16.56 ነው፤ አሁንም የተሻለ ይመስላል፣ የግብሩ ጥቅም ስለሰፋ። ባንኩ ግን የራሳችሁ መዋጮ 20 ሚሊዮን ብቻ መሆኑን አይቶ ወለዱን ወደ 20 በመቶ ቢያደርሰው 18.8 ይሆናል፤ ከ60 ሚሊዮኑ ብድር የባሰ ነው። ስለዚህ ባንኩን በ60፣ በ70 እና በ80 ሚሊዮን ለየብቻ ስንት በመቶ እንደሚያስከፍል ጠይቁና በየአንዳንዱ አማካዩን ሥሩት።