የባንክ ገቢው ከሽያጭ መዝገቡ ለምን ያንሳል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ሂሳብ ያዥ ነኝ። በወሩ በካርድ የተሸጠው በመዝገቤ 240,000 ነው። ባንክ የገባው ግን 225,720 ነው። አለቃዬ ‹ልዩነቱን ኮሚሽን ብለሽ ዝጊው› ይሉኛል። እውነት ይሄ ሁሉ ኮሚሽን ነው?»

አይደለም። እንዳይዘጉት። ልዩነቱ 14,280 ነው፤ ከሽያጩ ጋር ሲተያይ ወደ 6 በመቶ ይጠጋል። አየር ላይ ከመግባትዎ በፊት እንደነገሩን ግን የካርድ ክፍያውን የሚያስተናግደው ድርጅት የሚቆርጠው 2.5 በመቶ ነው። 2.5 በመቶ ማለት 6,000 ነው። ስለዚህ ከግማሽ በላይ የሆነው ልዩነት ሌላ ምክንያት አለው።

ብዙ ሰው የሽያጭ ዝርዝሩንና የባንክ ስቴትመንቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቲክ ማድረግ ይጀምራል። በካርድ ሽያጭ ላይ ይሄ አያስኬድም። መዝገብዎ ሽያጩን የሚይዘው በተሸጠበት ሰዓት፣ ከነሙሉ ዋጋው ነው። ባንኩ የሚያየው ግን ድርጅቱ የብዙ ሽያጭ ገንዘብ ሰብስቦ፣ ኮሚሽኑን ቆርጦ፣ ለደንበኛ የተመለሰውን ቀንሶ፣ ከአንድና ከሁለት ቀን በኋላ የላከውን የተጣራ ድምር ብቻ ነው።

ሁለቱን የሚያገናኘው ወረቀት የድርጅቱ የሴትልመንት ሪፖርት ነው። ድርጅቱ አንድ ላይ ሰብስቦ የሚከፍለው የሽያጭ ጥቅል ባች ይባላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍያ የባች ቁጥር አለው። ከቁጥሩ ጎን ጠቅላላ ሽያጭ፣ ኮሚሽን፣ ተመላሽና የተጣራ ክፍያ ይታያል። የተጣራው ከባንክ መስመር ጋር ይገጥማል፤ ጠቅላላው ደግሞ ከመዝገብዎ ጋር። ያለዚህ ሪፖርት ሥራውን ባይጀምሩት ይሻላል።

ሪፖርቱን ካወጡ በኋላ በሌጀርዎ ላይ አንድ የመሸጋገሪያ ሂሳብ ይክፈቱ፤ ክሊሪንግ አካውንት የሚሉት ነው። የካርድ ሽያጭ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይግባ። ባንክ የደረሰው፣ የተቆረጠው ኮሚሽንና ተመላሹ ከእሱ ላይ ይቀነሱ። በወሩ መጨረሻ የሚቀረው ተሽጦ ገና ያልተከፈለዎት ገንዘብ ብቻ መሆን አለበት።

በእርስዎ ቁጥሮች እንሥራው። ካለፈው ወር የመጨረሻ ቀን 9,200 ተሽጦ የተከፈለው በዚህ ወር ነው። ስለዚህ መነሻው 9,200 ነው። የወሩን 240,000 ሲደምሩበት 249,200 ይሆናል። ከዚህ ላይ ባንክ የገባውን 225,720 ይቀንሱ። በሪፖርቱ መሠረት በዚህ ወር ክፍያዎች ላይ የተቆረጠውን ኮሚሽን 5,880ንም ይቀንሱ። ኮሚሽኑ 6,000 ያልሆነው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሽያጭ ገና ስላልተከፈለና ያለፈው ወር 9,200 ደግሞ እዚህ ስለተቆረጠበት ነው። በመጨረሻ በመዝገብዎ ያለውን ተመላሽ 2,400 ይቀንሱ። 15,200 ይቀራል።

አሁን ሪፖርቱ ላይ ያልተከፈለውን ይዩ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ሽያጭ 14,000 ነው። ስለዚህ የሚያሳስበን የመጀመሪያው 14,280 መሆኑ ቀርቶ 1,200 ብቻ ሆኗል። ሪፖርቱ የሚያሳየው ተመላሽ 3,600 ሲሆን የእርስዎ መዝገብ ያለው 2,400 ነው። አንድ የ1,200 ተመላሽ በካርድ ማሽኑ ተሰጥቶ መዝገብ ሳይገባ ቀርቷል ማለት ነው። ደረሰኙን ገንዘብ ተቀባዩ ጋር ይፈልጉት። ሲያገኙት በተመላሽ ሽያጭ ይመዝግቡትና ሂሳቡ በ14,000 ይቆማል። ይህን 1,200 ኮሚሽን ብለው ቢዘጉት ኖሮ ወጪውም ሽያጩም በዚያው ልክ ተጋኖ ይቀመጥ ነበር። ዕቃው ተመልሶ ከሆነም በስቶክ ካርዱ ላይ አይታይም ነበር።

የባቹን ቀን ከሱቁ ቀን ጋር ለማጣጣም አይታገሉ። የድርጅቱ ቀን የሚዘጋበት ሰዓት ከእናንተ መዝጊያ ሰዓት ሊለይ ይችላል። ከዚያ ሰዓት በኋላ የተሸጠ ወደ ማግስቱ ባች ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ የተሸጠው ደግሞ አንድ ላይ ሊመጣ ይችላል። ይዘው የሚሄዱት የባች ቁጥሩን ነው።

«ደንበኛ 1,500 የገዛውን ዕቃ መልሶ ገንዘቡን ሰጠነው። ሳሰላው ግን ከዚያ ሽያጭ ምንም አላተረፍንም ብቻ ሳይሆን ጎደለብን። ተሳስቼ ነው?»

አልተሳሳቱም። ብዙ የካርድ ክፍያ ድርጅቶች ተመላሽ ሲደረግ መጀመሪያ የቆረጡትን ኮሚሽን አይመልሱም። ኮሚሽኑ 2.5 በመቶ ከሆነ ሽያጩ ሲደረግ የደረሰዎት 1,462.50 ነው። ተመላሹ ግን ሙሉው 1,500 ይቀነስብዎታል። ልዩነቱ፣ 37.50፣ የእርስዎ ወጪ ሆኖ ይቀራል።

እዚህ ላይ ተመላሹን 1,462.50 ብለው የሚመዘግቡ አሉ። አያድርጉት። ለደንበኛው የተመለሰው 1,500 ነውና ተመላሽ ሽያጩም 1,500 ነው። 37.50 ሽያጩ ሲደረግ በኮሚሽን ወጪ ገብቷል፤ እዚያው ይቆይ። ዕቃው የተሸጠው ባለፈው ወር ከሆነም ወደኋላ ሄደው የተዘጋ ወር አይነካኩ። ተመላሹ በተሰጠበት ቀን ይመዝገብ።

ሌላም ነገር አለ። ሽያጭ በቀዘቀዘበት ቀን ትልቅ ተመላሽ ከወጣ ባቹ ከዜሮ በታች ይወርዳል። አንዳንዱ ድርጅት ከባንክ ሂሳብዎ ላይ ይቀንሳል፤ ሌላው ከሚቀጥለው ክፍያ ላይ ያስቀራል። ሁለተኛው ከሆነ በዚያ ቀን ባንክ ላይ ምንም መስመር አይታይም። የጠፋ ክፍያ ነው ብለው ከመደወልዎ በፊት የሚቀጥለውን ባች ይዩት።

«ልዩነቱ 40 ብቻ ቢሆንስ? ለ40 ብሎ ግማሽ ቀን ማጥፋት ተገቢ ነው?»

የ40 ልዩነት ከየት እንደመጣ ካልታወቀ 40 ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሳይመዘገብ የቀረ የ1,960 ተመላሽ የመሸጋገሪያ ሂሳቡን ያሳብጠዋል። ሳይመዘገብ የቀረ የ2,000 ሽያጭ ደግሞ ያሳንሰዋል። ሁለቱ ሲጣፉ የሚታየው 40 ነው። እኔ በዚህ ላይ ምንም አልደራደርም።

ግማሽ ቀን የሚፈጀው የወሩን ድምር ከወሩ ድምር ጋር ስለሚያስተያዩ ነው። ባች በባች ከሄዱ የ1,960ው ተመላሽ በአንዱ ባች፣ የ2,000ው ሽያጭ በሌላው ለየብቻ ይወጣሉ። በየሳምንቱ ከሠሩት ደግሞ ገንዘብ ተቀባዩም ነገሩን ገና አልረሳውም።

ባችም አይቶ ካልተገኘ ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል፤ 540 ለመጻፍ 450 እንደመጻፍ። ካልሆነ የልዩነቱን ግማሽ ይፈልጉ። 20 የሚል መጠን ካገኙ በዴቢት ፈንታ ክሬዲት ላይ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ያለ ጭንቀት ወደ ኮሚሽን ሊያስገቡት የሚችሉት በአንድ ግብይት ከአንድ ሳንቲም የማይበልጥ ልዩነት ነው። ኮሚሽኑ ለእያንዳንዱ ግብይት ለብቻው ተሰልቶ ስለሚጠጋጋ፣ ከጠቅላላ ድምሩ ላይ በመቶኛ ካሰሉት ጋር በትክክል ላይገጥም ይችላል። እሱም ቢሆን በየባቹ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ነው የሚታየው፤ በአንድ ባች ላይ ድንገት 40 ካዩ ማጠጋጋት አይደለም።