ጥፋቱ የውሃው አይደለም፤ አብሲት ጣሉ

እንደምን አላችሁ? ሰበታ፣ እዚህ ግቢዬ ውስጥ የተሰበሰባችሁ ጎረቤቶቼ፣ በሚኒሶታም በቶሮንቶም በስቶክሆልምም ሆናችሁ በስልካችሁ የምታዩኝ የአገሬ ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ሰፈሩ ሁሉ እቴቴ ይለኛል። እናንተም እንደዚያው በሉኝ። ሥራዬ እንጀራ ነው። ለረጅም ዓመታት አዲስ አበባ ላሉ ምግብ ቤቶች እየጋገርኩ አስረክቤያለሁ። ከከተማው ወጣ ብዬ መኖሬ ለዚህ ሥራ ጠቅሞኛል። ከዚህ ወደ ቱሉ ቦሎ ሲኬድ የበቾ ሜዳ አለ። የጤፍ አገር ነው። ጤፉን አስመጥቼ፣ አበጥሬ፣ ሰፈር ወፍጮ ቤት ቆሜ አስፈጫለሁ። ሊጥ በእጄ ያላለፈበት ሳምንት የለም።

በዚህ ቻናል ወጥም፣ ሽሮም፣ በርበሬም እናያለን። ወደዚያ እመጣለሁ። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልናገር ነው የቆምኩት።

ውጭ ያላችሁ ልጆቻችን ስትደውሉ ሁሌ የምትሉኝ አንድ ነው። «እቴቴ፣ የዚህ አገር ውሃ ለእንጀራ አይሆንም።» ሌላውም «ጤፉ የፈረንጅ ስለሆነ ነው» ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም! አሜሪካ አይዳሆ ውስጥ የሚበቅለው ጤፍ ጤፍ ነው። በደንብ ይቦካል፣ በደንብም ይጋገራል። ውሃው ክሎሪን ከሸተታችሁ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት። እንጀራችሁን ያበላሸው ሌላ ነው። አብሲት ትታችኋል።

የጎረቤቴ ልጅ ሚኒያፖሊስ ትኖራለች። አሁን እናቷ እዚሁ መካከላችን ተቀምጣለች። ልጅቷ በክረምት፣ በረዶው በከበደበት ሰሞን፣ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ምጣዱ ላይ ያለውን አሳየችኝ። አይኑ እዚህም እዚያም የተበታተነ፣ መሃሉ ልሙጥ ነው። «ትኩስ እያለ ይበላል፤ ማታ ግን ስጠቀልለው ይሰነጠቃል» አለችኝ። ስንት ቀን አቦካሽው አልኳት። አንድ ሌሊት። ታዲያ አይኑን ምን አወጣው? ቤኪንግ ፓውደር! ከቪዲዮ ያየችው ነው። «አብሲትስ ጣልሽ?» ስላት ዝም አለች። ከዚያ «እሱ ደግሞ የግድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

አዎ፣ የግድ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ስንዴ ግሉተን አለው። ሊጡ ይለጠጣል፣ አየሩንም ይዞ ያቆያል። ጤፍ ይህ የለውም። እርሾው ሲሠራ የሚፈጠረው አየር ከቀጭን ሊጥ እየሾለከ ይወጣል። አብሲት ማለት ከዚያው ከቦካው ሊጥ ጥቂት ቀንሶ፣ በውሃ አብስሎ፣ መልሶ መቀላቀል ነው። ሲበስል የጤፉ ስታርች ውሃ ይጠጣና ይወፍራል። ወደ ሊጡ ሲመለስ አየሩን የሚይዘው እሱ ነው። እርሾውም ከበሰለው እየተመገበ እንደገና ይነሳል። እንጀራው በማግስቱም ሳይሰነጠቅ የሚጠቀለለው በዚህ ነው። ቤኪንግ ፓውደር አረፋ ይሰጣችኋል፤ ይህን ሥራ ግን አይሠራም።

ከልጅቷ ጋር እንደገና ጀመርን። አንድ ኪሎ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ለብ ያለ ውሃ። እርሾ አጠገቧ ካለች አበሻ ለምና አንድ ቡና ስኒ አገኘች። እርሾ ካጣችሁ ዱቄቱና ውሃው ብቻውንም ይቦካል፤ ቀኑ ይረዝማል እንጂ። እጇን ታጥባ፣ እንዳይጓጉል አድርጋ አሸችው።

በሁለተኛው ቀን ደወለች። ምንም የለም። ቤቷ ቀዝቃዛ ነው፣ ሊጡንም መስኮት ስር አስቀምጣዋለች። አትንኪው አልኳት። ኦቭኑን ሳታሞቂ አምፖሉን ብቻ አብሪና እዚያ አስገቢው አልኳት። በማግስቱ አረፋ ጀመረ። በአራተኛው ቀን ሊጡ ወደ ታች ተቀምጦ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ውሃ ጠለለ። ሽታው ጥሩ ኮምጣጣ ነው። እዚህ እኛ ጋ ሁለት ሦስት ቀን የሚበቃው እዚያ አራት ፈጀ። ስለዚህ ቀን አትቁጠሩ፣ ሊጡን እዩት። ውሃው ሳይጠልል ከቸኮላችሁ የምታገኙት አፍለኛ ነው። አብሲትም ያልቦካ ሊጥ አያድንም።

ውሃውን ቀስ ብላ አጠለለች፤ ጥቂቱን ለሚቀጥለው እርሾ አስቀረች። ከዚያ ከወፍራሙ ሊጥ አንድ ብርጭቆ ቀነሰች። ሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ ድስት ላይ አፈላች። ሊጡን ዝም ብላ ልትገለብጠው ስትል ጮህኩባት! መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪው፣ ከዚያ በአንድ እጅሽ እያፈሰስሽ በሌላው አማስዪ። አለዚያ ይጓጉላል፤ የተጓጎለ አብሲት ምጣዱ ላይ ጠጠር ይሆናል። እሳቱን ቀንሳ፣ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆንና ማማሰያው ላይ እስኪለጠፍ አበሰለችው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። አብሲቱን ትኩሱን ከጣላችሁት እርሾውን ትገድሉታላችሁ። ጣታችሁን ስትነክሩ ሳያቃጥል ለብ ያለ ሲሆን ጣሉት። በደንብ ቀላቅሉ፣ ክደኑት። ሊጡ ኩፍ እስኪል ጠብቁ። ሙቅ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ የእሷ ሁለት ሰዓት ግድም ፈጀ። ኩፍ ብሎ ሊወርድ ሲል መጋገር ነው።

መጀመሪያ ትንሽ አፍስሳችሁ ሞክሩ። አይኑ ዙሪያውን እኩል ከወጣ አክምባሎውን ክደኑ። ጥቂት አይን ብቻ ካወጣ ሊጡ ወፍሯል፤ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። ቀጥኖም አይን ከሌለው ገና ኩፍ አላለም፤ ጠብቁ። ስሩ ከተጣበቀ ደግሞ ምጣዱ አልጋለም። የልጅቷ ሦስተኛው እንጀራ አይኑ ሞልቶ ወጣ። በማግስቱ ጠቅልላ፣ ዘርግታ አሳየችኝ። አልተሰነጠቀም። በዚያው በሚኒያፖሊስ ውሃ ነው!

እና እናንተ «በአንድ ሰዓት እንጀራ» እያላችሁ ልጆቻችንን የምታስተምሩ፣ እባካችሁ ተዉ! የምትጋግሩትን ቂጣ በሉት፣ ቂጣ ይጣፍጣል። እንጀራ ብላችሁ ግን አትሽጡ። ስንዴና ሩዝ ቀላቅላችሁም «ንጹህ ጤፍ» ብላችሁ አትጻፉበት። ግሉተን የማይስማማው ሰው ያንን ጽሑፍ አምኖ ይበላና ይታመማል። ይህ እኔን በጣም ያናድደኛል። ግሉተን የሚጎዳችሁ ሰዎች፣ ስትገዙ ምን ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው በአጭሩ። ከእንጀራው ቀጥሎ ዶሮ ወጥ ይመጣል፤ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት እያማሰልን እናቁላላለን። ከዚያ ሽሮ። በርበሬውን ጸሐይ ሲጠና እዚሁ ግቢ አስጥተን እናሳያችኋለን። ቅቤ ማንጠርም አለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከእናንተ ጋር አብሲት እጥላለሁ። ስለዚህ ብርድ አገር ያላችሁ ማክሰኞ ማታ አብኩ፣ ሞቃት ቦታ ያላችሁ ረቡዕ ማታ ይበቃችኋል። አንድ ኪሎ ዱቄት፣ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ አንድ ስኒ እርሾ። ዕቃው ሰፋ ያለ ይሁን፤ ኩፍ ሲል ይገነፍላል። ቅዳሜ ላዩ ላይ ውሃ ያልጠለለላችሁ እንዳትደፉት፣ አሳዩኝ።