ከመግለጫ በፊት ስትራድል ወይስ ስትራንግል? ዋጋው ስንት ሳንቲም መንቀሳቀስ አለበት?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጅማ ነው። እዚህ ቡና በመጋዘን ያለው ሰው የኒውዮርክን ዋጋ ሳይጠይቅ አያድርም። የብራዚል መንግሥት የምርት ገማች ተቋም ኮናብ የቡና ምርት ግምት መግለጫውን የሚያወጣበት ቀን ሲቃረብ ደግሞ ጥያቄው ይበዛል። ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ የማይታወቀው ዋጋው ሽቅብ ይሂድ ቁልቁል ነው። አቅጣጫውን ሳይገምቱ ከእንቅስቃሴው ብቻ ለማትረፍ ኦፕሽን የሚገዙ አሉ። በእኛ ምርት ገበያ ኦፕሽን የለም፤ የማወራው ስለ ኒውዮርኩ የአረቢካ ውል ነው። አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ስለሆነ፣ በፓውንድ የ1 ሳንቲም ለውጥ 375 ዶላር ነው።

ኮል በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ነው፤ ፑት የመሸጥ። ሁለቱንም አሁን ገበያው ባለበት ዋጋ ላይ ስትገዙ ስትራድል ይባላል። ኮሉን ከፍ፣ ፑቱን ዝቅ አድርጋችሁ ስትገዙ ስትራንግል ነው።

ቁጥር እናስገባበት፤ ለምሳሌ ያህል የያዝኳቸው ናቸው። ቡናው 300 ሳንቲም ላይ ነው፣ ኦፕሽኑ ሊያበቃ 10 ቀን ቀርቶታል። የ300ው ኮል 9፣ የ300ው ፑትም 9፣ ስትራድሉ በድምሩ 18 ሳንቲም፣ ማለትም 6,750 ዶላር። የ315ቱ ኮልና የ285ቱ ፑት እያንዳንዳቸው 3.5፣ ስትራንግሉ 7 ሳንቲም፣ 2,625 ዶላር።

እስከ መጨረሻው ቀን ከያዛችሁት ሒሳቡ ቀላል ነው። ስትራድሉ የከፈላችሁትን የሚመልሰው ቡናው ከ318 በላይ ወይም ከ282 በታች ሲዘጋ ነው፤ 6 በመቶ። ስትራንግሉ 322 ወይም 278 ይፈልጋል፤ 7.3 በመቶ ገደማ። ስትራድሉ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ዋጋው ልክ 300 ላይ ካረፈ ብቻ ነው። ስትራንግሉ ግን ከ285 እስከ 315 ባለው ሰፊ ሜዳ ውስጥ የትም ቢያርፍ ባዶ ይቀራል።

ነገር ግን ለመግለጫ ብሎ የገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ነው የሚሸጠው። ያኔ ሌላ ሒሳብ ይመጣል። ከመግለጫው በፊት ገበያው ትልቅ መዋዠቅ ስለሚጠብቅ ኦፕሽኑ ይወደዳል፤ ወሬው እንደወጣ ግን ያ ጥበቃ ይተናል። በምሳሌያችን የሚጠበቀው ዓመታዊ መዋዠቅ ከ45 በመቶ ወደ 35 ይውረድ እንበል። ቡናው ከ300 ንቅንቅ ካላለ ስትራድሉ ከ18 ወደ 13 ሳንቲም ገደማ ይወርዳል፤ ሩቡ ሄደ ማለት ነው። ስትራንግሉ ከ7 ወደ 3.3 ይወርዳል፤ ከግማሹ በላይ። «ርካሽ ነው» ብሎ የገዛው ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ሳይከስሩ ለመውጣት የሚያስፈልገው እንቅስቃሴስ? ለስትራድሉ 14.6 ሳንቲም ገደማ፣ ለስትራንግሉ 15.4። በመጨረሻው ቀን 4 ሳንቲም የነበረው ልዩነት ከ1 ሳንቲም በታች ሆነ። ምክንያቱም 9 ቀን ስለቀረው በኦፕሽኑ ውስጥ ገና የጊዜ ዋጋ አለ። እንግዲህ ቶሎ ለሚወጣ ሰው ሁለቱን የሚለየው የመመለሻ ነጥቡ ሳይሆን የገንዘቡ መጠን ነው። በ2 ስትራድል ዋጋ 5 ስትራንግል ይገዛል፤ 36 ሳንቲም በ35። ዋጋው ካልተንቀሳቀሰ ሁለቱ ስትራድሎች ወደ 10 ሳንቲም ሲያጡ አምስቱ ስትራንግሎች ወደ 18 ያጣሉ። በአንዴ 30 ሳንቲም ከዘለለ ደግሞ ስትራድሎቹ ወደ 25፣ ስትራንግሎቹ ወደ 48 ያተርፋሉ።

እኔ ብዙ ጊዜ ወደ ስትራድሉ አደላለሁ፤ መግለጫ ሁልጊዜ ገበያ አይንጥም። ስትራንግልን የምቀበለው ለኪሳራ የመደብኩት ገንዘብ ትንሽ ሲሆንና በጣም ትልቅ ዝላይ የምጠብቅበት ግልጽ ምክንያት ሲኖር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ያለፉትን መግለጫዎች ዘርዝሩና ከዋዜማው መዝጊያ እስከ ማግስቱ መዝጊያ ዋጋው በመቶኛ ስንት እንደተንቀሳቀሰ ጻፉ። እኛ የምንፈልገው 5 በመቶ አካባቢ ነው። ከግማሽ በላይ የሆኑት ከዚያ በታች ከሆኑ፣ ሻጩ አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ አስገብቶታል፤ ተዉት።

አንድ ሰው የማያስተውለው ወጪም አለ፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ክፍተት። በእያንዳንዱ ኦፕሽን ላይ ግማሽ ሳንቲም ክፍተት ቢኖር፣ ገብቶ መውጣት በጠቅላላው 1 ሳንቲም ያስከፍላል። ከ18 ላይ ይህ 5.6 በመቶ ነው፤ ከ7 ላይ ግን 14 በመቶ። ራቅ ያሉ ዋጋዎች ላይ ደግሞ ገዥና ሻጭ ስለሚሳሳ ክፍተቱ ይሰፋል። ስለዚህ ትዕዛዛችሁን በገበያ ዋጋ ሳይሆን በወሰናችሁት ዋጋ አስገቡ፤ ሁለቱን ኦፕሽን ለየብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ጥቅል አድርጋችሁ። አንዱ ብቻ ተገዝቶ ሌላው ከቀረ በእጃችሁ ያለው የአንድ አቅጣጫ ውርርድ ነው።