«ፔንዲንግ» ላይ ያለ ብር አይበላም

እንዴት ናችሁ? ዛሬም ከድሬ ነኝ። ቀትር ላይ ነው የምቀዳው፣ ከተማው በሙሉ ጋደም ብሏልና ቢያንስ የባጃጅ ጩኸት አይረብሸንም። ፋኑን አጥፍቼዋለሁ፣ ድምፁ ይገባል። ላብ በላብ ሆኜ ነው የማወራው፤ ታገሱኝ።

የዛሬው ወሬ ስለ ገንዘብ ነው። በኢንተርኔት ሠርታችሁ ያገኛችሁት፣ ስክሪኑ ላይ የሚታይ፣ ግን እጃችሁ ያልገባ ገንዘብ። በተለይ ደግሞ ከቁጥሩ ጎን የምትጻፈዋ ትንሽ ቃል። Pending ትላለች፣ Held ትላለች፣ አንዳንዴ Processed። ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያያል እንጂ ቃሏን አያነብም። እኔ ግን ቁጥሩን ከማየቴ በፊት ቃሏን አያለሁ፤ አሁንማ ልማድ ሆኖብኛል።

ሐረር አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ጁገል ውስጥ ስላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች በእንግሊዝኛ የምትጽፍበት ድረ ገጽ አላት። ቱሪስቱ ያነባል፣ ሊንኩን ይጫናል፣ ክፍል ይይዛል፣ እሷ ኮሚሽን ታገኛለች። መጋቢት አጋማሽ ላይ የገቢ ገጿን ስክሪንሾት ላከችልኝና «አቦ፣ 164 ዶላር አለኝ፣ ዝቅተኛው መክፈያ 100 ነው፣ ለምንድነው የማይልኩልኝ?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ትክክል ነው። 164 ከ100 ይበልጣል። ግን ያ 164 ድምር ነው። ከሥሩ ሲታይ 93ቱ ጸድቋል፣ 71ዱ ፔንዲንግ ነው። መነሻ መጠኑ፣ ያ 100 ማለት ነው፣ የሚለካው ደግሞ በጸደቀው ብቻ ነው። ስለዚህ ለከፋዩ ያላት 93 ዶላር ነው፣ 93 ደግሞ 100 አይሞላም፣ ስለዚህ «ሄልድ» ተብሎ ወደሚቀጥለው ወር ተሻገረ። ከድሬ ሐረር የሚሄደውን ሚኒባስ አስቡት፤ ሲሞላ ነው የሚወጣው፣ «እየመጣሁ ነው» ብሎ የደወለ ሰው ደግሞ እንደ ተሳፋሪ አይቆጠርም።

አሁን ወደዚያ ወደ 71 ዶላር እንግባ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ክፍል የያዙ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንደኛው የ28 ዶላር ኮሚሽን ነው፤ እንግዳው ክፍሉን ይዟል እንጂ የሚመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። ሁለተኛው 25 ዶላር ነው፤ እንግዳው በየካቲት መጨረሻ መጥቶ፣ አድሮ፣ ሄዷል፣ ግን ማረፊያው «አዎ፣ አድሯል» ብሎ ገና አላረጋገጠም። ሦስተኛው 18 ዶላር ነው፤ ያለ ቅጣት መሰረዝ የሚችል እንግዳ ነው።

ሦስቱም ፔንዲንግ ነው የሚሉት። ቃሉ አንድ ነው፣ ምክንያቱ ግን ሦስት ዓይነት። የመጀመሪያው ጊዜ ይጠብቃል። ሁለተኛው የሰው ማረጋገጫ ይጠብቃል። ሦስተኛው የእንግዳውን ሐሳብ ይጠብቃል፣ እሱን ደግሞ ማንም አያውቀውም። የሆቴል ኮሚሽን የሚጸድቀው ክፍል ሲያዝ ሳይሆን እንግዳው አድሮ ሲወጣ ነው። ለዚህ ነው ለጥምቀት የመጡት ሰዎች ገንዘብ ቶሎ የጸደቀው፤ ቀድመው ይዘው፣ መጥተው፣ ጨርሰው ሄደዋል። የዕቃ ሽያጭ ኮሚሽን ሲሆን ደግሞ ዕቃውን መመለስ የሚቻልበት ጊዜ እስኪያልፍ ይጠበቃል። በየትኛውም ሥራ ቢሆን ፔንዲንግ ማለት ያው ነው፤ ገንዘቡን መልሶ ሊያስቀር የሚችል ሰው ገና አለ።

ስለዚህ ምን ሆነ? የ25ቱ እንግዳ አምስት ሌሊት ይዞ አራት ነው ያደረው። ማረፊያው እንደዚያ አረጋገጠ፣ 25ቱ 20 ሆነ። የ18ቱ ተሰረዘ። የ28ቱ እንዳለ ቆየ። የጸደቀው 93 ሲደመር 20፣ 113 ሆነ። መቶን አለፈ፣ እልል!

ግን መቼ አለፈ? ማረፊያው ያረጋገጠው መጋቢት 24 ቀን ነው። ለእኛ መጋቢት አላለቀም። በእነሱ አቆጣጠር ግን ማርች ያለቀው መጋቢት 22 ላይ ነው፣ 24 ማለት ኤፕሪል 2 ነው። ሂሳቡ የሚዘጋው በወሩ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ 113ቱ የማርች ሂሳብ ውስጥ አልገባም። ከኤፕሪል ጋር ተዘግቶ የተከፈለው ግንቦት ውስጥ ነው። በሁለት ቀን ልዩነት አንድ ወር ሙሉ። ማንም አልበደላትም፣ ግን ይበግናል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ብዙ ፕላትፎርም ቀኑን የሚዘጋው በእኛ እኩለ ሌሊት አይደለም። አፕዎርክ ላይ በሰዓት የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ሳምንቱ የሚዘጋው እሁድ እኩለ ሌሊት በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፣ ያ ማለት በእኛ ሰኞ ለሊት 9 ሰዓት። ከዚያ ሰዓታችሁን የምታስተካክሉበት ጊዜ እስከ ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ደንበኛው እስከ ዓርብ ያያል፣ ከዚያ ገንዘቡ ለጥቂት ቀናት ለደኅንነት ይያዛልና ረቡዕ ይለቀቃል። እዚያ ፔንዲንግ የሚለው ቃል ቀን አለው። የሐረሯ ልጅ ፔንዲንግ ግን ቀን የለውም፣ ሁኔታ እንጂ። ቃሉን ስታዩ መጀመሪያ ይህን ለዩ፦ የሚጠበቀው ቀን ነው ወይስ የሆነ ሰው ውሳኔ?

ሄልድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው በማያስደነግጠው ቦታ የሚደናገጠውም፣ በሚያስደነግጠው ቦታ የሚረጋጋውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ሄልድ አለ። አንዱ መነሻ መጠኑ ስላልሞላ የቆመ ነው። እሱ ምንም አይደለም፤ ስትሠሩ ይሞላል፣ ሲሞላ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሌላው እናንተ ያላሟላችሁት ነገር ስላለ የቆመ ነው። ይሄኛው በመጠበቅ አይፈታም። ዓመት ብትጠብቁ እዚያው ነው።

እንዴት ይለያል? ቁጥሩን ከመነሻው ጋር አስተያዩ። የጸደቀው ገንዘብ መነሻውን አልፎ፣ ወሩም ተዘግቶ፣ አሁንም ሄልድ ካለ ነገሩ መጠን አይደለም። የክፍያ ማስተካከያው ገጽ ላይ ግቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው እዚያ ተጽፏል። የጎግልን የማስታወቂያ ክፍያ፣ አድሴንስን ውሰዱ። የመክፈያው መነሻ 100 ዶላር ነው፣ ግን 10 ዶላር ላይ ስትደርሱ አድራሻችሁን ለማረጋገጥ ፒን ያለበት ደብዳቤ በፖስታ ይልካሉ። በፖስታ! እኛ አገር ደብዳቤ በር አያንኳኳም፣ ፖስታ ሳጥን ነው ያለን። አድራሻው ላይ ቀበሌና የቤት ቁጥር ብቻ ጽፎ ፒን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። የሳጥን ቁጥር የሌላችሁ፣ የዘመድ ወይም የመሥሪያ ቤት ሳጥን በፈቃድ ጻፉ። ፒኑ ካልገባ 100 ሳይሆን 500 ዶላር ቢኖር አይላክም።

ሌላው የግብር ፎርም ነው። የአሜሪካ ከፋይ ከሆነ W-8BEN የሚባል ፎርም ያስሞላል። የሚረሳው ነገር ፎርሙ ጊዜው ማለፉ ነው፤ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ያለው ሦስተኛ ዓመት ሲያልቅ ያበቃል። በፈረንጆች 2023 የተፈረመ በ2026 ዲሴምበር መጨረሻ ይሞታል። ሲከፈለው የኖረ ሰው ጃንዋሪ ላይ ድንገት ሄልድ ካየ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

እሺ፣ ፕሮሰስድ። የሐረሯ ልጅ ግንቦት ላይ «ፕሮሰስድ ይላል፣ ባንክ ግን የለም!» ብላ ደወለችልኝ። ፕሮሰስድ ማለት ከፋዩ ከራሱ በኩል ጨርሶ ላከ ማለት ነው። ገባ ማለት አይደለም። በባንክ ዝውውር የሚላክ ዶላር አንዳንዴ መሐል ላይ ሌላ ባንክ ያልፋል፣ ያም ቀናት ይወስዳል። ቢዘገይ ከፋዩን «ላካችሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ «አዎ» ነው የሚሏችሁ። የዝውውሩን መከታተያ ቁጥር ጠይቁ። UETR ይባላል፣ ሰረዞቹን ጨምሮ 36 ቁምፊ ነው። እሱን ይዛችሁ ባንካችሁ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ብትሄዱ ዝውውሩ የት እንዳለ የሚፈልጉበት ነገር ይኖራቸዋል። ያለሱ «እስካሁን አልገባም» ተብላችሁ ነው የምትመለሱት።

ስምም አለ። እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባትና በአያት ስም ነው። ባንኩ ሦስቱንም ጽፏል፣ ፕላትፎርሙ ላይ ግን ሁለቱን ብቻ ሞልተናል፣ ወይ ደግሞ በላቲን ፊደል አጻጻፉ ይለያያል። ባንኩ ስሙ አልገጠመኝም ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የተመለሰ ገንዘብ እንደገና ሄልድ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዴም የመላኪያው ወጪ ተቀንሶለት። ፕሮሰስድ የነበረ ወደ ሄልድ ከተመለሰ የባንክ መረጃችሁን ከባንክ ደብተራችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

የእሷ ግን ገባ። 113 ተልኮ 95 ነው የገባው። 18 ዶላሩ መንገድ ላይ ለዝውውር ተቆርጧል። ከዚያ ባንኩ ወደ ብር የሚቀይረው በገባበት ቀን ተመን ነው፣ በሠራችሁበት ወር ተመን አይደለም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ ሄልድ ላይ የነበረ ዶላር ያለው ሰው፣ ከወር በፊት ከተከፈለው ጓደኛው በብር እጥፍ ሊጠጋ ትንሽ ነው የቀረው። ግን በዚያ ላይ ተማምናችሁ ዕቅድ አታውጡ፣ የቤት ኪራይ ዶላር አይጠብቅም።

ያ 18 ዶላር ግን አልወጣልኝም። ክፍያው ቋሚ ስለሆነ ከ113 ላይ ሲቆረጥ 16 በመቶ ገደማ ነው። 300 ሆኖ ቢላክ ያው 18 ዶላር 6 በመቶ ይሆናል። ሁላችንም መነሻው ዝቅ እንዲል ነው የምንመኘው፤ በባንክ ዝውውር ለሚከፈል ሰው ግን እኔ ከፍ ማድረጉን እመርጣለሁ፣ ፕላትፎርሙ ከፈቀደ። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ደንቡ ላይ ፈልጉ፦ አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ ያለውን ሒሳብ ይወርሳሉ ወይ? የሚወርስ ከሆነ አታስቀምጡ።

እሷም ደንቡን አንብባ 300 ላይ አድርጋዋለች። የግንቦቱ እንግዳም መጥቶ አደረ፣ 28ቱ ጸደቀ። አሁን ሄልድ ነው የሚለው፣ ከ300ው 28። ፋኑን ላብራው፣ ቻው።