ስልክ በሌለበት በሰዓት መክፈል፦ ለባንኩ መልእክቱን የሚያደርሰው ማን ነው?

[ምስል፦ ለንደን፣ ቅዳሜ ጠዋት። አንዲት ሯጭ ከመናፈሻ ወጥታ ወደ አንድ ሱቅ ትገባለች።]

ይህች ሯጭ አይፎኗን ቤት ትታ ወጥታለች። በእጇ ላይ ያሰረችው አፕል ዎች የራሱ የሞባይል መስመር የሌለው ዓይነት ሲሆን፣ የሱቁንም ዋይፋይ አልተጠቀመም። በሰዓቱ ገጽ ላይ የምትታየው ቀይ የስልክ ምልክት ከአይፎኑ ጋር ያለው ግንኙነት መቋረጡን ታመለክታለች። ሆኖም 1.80 ፓውንድ የሚያወጣ የታሸገ ውሃ አንስታ፣ በሰዓቱ ጎን ያለውን መጫኛ ሁለት ጊዜ ተጭና እጇን ወደ ክፍያ ማሽኑ ስታስጠጋ፣ ክፍያው ያለ ምንም ችግር ይፈጸማል።

በቴሌብር መክፈልን ለለመደ ሰው ይህ ግራ የሚያጋባ ሊሆን ይችላል። በቴሌብር የክፍያውን ትዕዛዝ የሚልከው የከፋዩ ስልክ ነው፤ በመተግበሪያው ኪውአር ኮድ ብናነብም ሆነ *127# ብንጠቀም፣ ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ትዕዛዙ አይሄድም። በሰዓት ሲከፈል ግን ባንኩን የሚያነጋግረው የነጋዴው ማሽን እንጂ የከፋዩ መሣሪያ አይደለም። የሰዓቱ ድርሻ ማሽኑ ወደ ባንክ ይዞት የሚሄደውን ማስረጃ መስጠት ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በውስጡ ተቀምጧል።

[ምስል፦ የሰዓቱ ውስጠኛ ክፍል፤ አንዲት ትንሽ ቺፕ ጎልታ ትታያለች።]

የተቀመጠውም ሴኪዩር ኤለመንት በሚባል፣ ከሰዓቱ ዋና ሥርዓት በተነጠለና ለክፍያ ሥራ ተብሎ በተሠራ ቺፕ ውስጥ ነው። ሯጯ ካርዷን በሰዓቱ ላይ ያስመዘገበች ዕለት አይፎኗም ኢንተርኔትም ያስፈልጓት ነበር። ባንኳ ማንነቷን ካረጋገጠ በኋላ፣ በፕላስቲክ ካርዷ ላይ ከታተመው ቁጥር የተለየ አንድ ምትክ ቁጥር ለዚህ ሰዓት ብቻ ተሰጠ፤ ከእርሱም ጋር አንድ ምስጢራዊ ቁልፍ ተመስጥሮ ወደ ቺፑ ገባ። ያው ካርድ በአይፎኗም ላይ ተመዝግቦ ከሆነ፣ አይፎኑ የተቀበለው ምትክ ቁጥር ሌላ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ቢመስልም ሯጯ ባቡር ስትሳፈር ዋጋ ያስከፍላልና በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን በክፍያው ቅጽበት ምን እንደሚከናወን እንከታተል። ሰዓቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀርብ፣ ማሽኑ በ13.56 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ያነጋግረዋል፤ ይህ ግንኙነት ብሉቱዝም ዋይፋይም አይደለም። ማሽኑ የሒሳቡን መጠን፣ የገንዘቡን ዓይነት፣ ቀኑንና እዚያው በዘፈቀደ ያወጣውን አንድ ቁጥር ለሰዓቱ ይሰጣል። ቺፑ እነዚህን ከራሱ የክፍያ ቆጣሪ ጋር ያጣምርና በምስጢራዊ ቁልፉ አስልቶ አንድ አጭር ኮድ ያወጣል፤ ኮዱ ክሪፕቶግራም ይባላል። ከዚያም ምትክ ቁጥሩን፣ የቆጣሪውን ንባብና ክሪፕቶግራሙን ለማሽኑ ይመልሳል። ምስጢራዊ ቁልፉ ራሱ ግን ከቺፑ ፈጽሞ አይወጣም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዞ የማሽኑ ነው። ማሽኑ በሱቁ መስመር አማካይነት ጥያቄውን ለነጋዴው የክፍያ አገልግሎት ሰጪ፣ እርሱም ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ያስተላልፋል። በዚያ ምትክ ቁጥሩ ወደ እውነተኛው የካርድ ቁጥር ይቀየራል፤ ክሪፕቶግራሙም በትክክለኛው ቁልፍ የተሠራ መሆኑ ይጣራል፤ በመጨረሻም ባንኳ ሒሳቧን አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ቆጣሪው በየክፍያው ስለሚጨምርና ማሽኑም በየጊዜው አዲስ ቁጥር ስለሚያወጣ፣ አንድ ሰው ልውውጡን በሙሉ ቀድቶ ቢያስቀምጥ እንኳ ያንን ኮድ ደግሞ ሊከፍልበት አይችልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሰዓቱን ምልክት ሲያነብ ነው። ሰዓቱ ንዝረት አሰምቶ Done የሚል ጽሑፍ ሲያሳይ፣ ማስረጃውን ለማሽኑ ማስረከቡን መናገሩ ነው እንጂ የባንኩን መልስ ማወቁ አይደለም። ስለዚህ ሰዓቱ Done እያለ ማሽኑ ክፍያው ውድቅ ሆኗል ካለ፣ እንከኑን በሒሳቡ፣ በባንኩ ወይም በሱቁ መስመር ላይ መፈለግ ይገባል፤ ሰዓቱን ከስልክ ጋር ማገናኘት ምንም አይፈይድም። የክፍያው ማስታወቂያም በሰዓቱ ላይ ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ እርሱ በኢንተርኔት የሚመጣ በመሆኑ ግንኙነት እስኪመለስ ይዘገያል።

[ምስል፦ ሰዓት ከእጅ ሲወልቅ፤ የቁልፍ ምልክት በገጹ ላይ ይታያል።]

የስልኩ አለመኖር በእርግጥ የሚጎዳበት አንድ ቦታ አለ። ሰዓቱ በጀርባው ባሉት ዳሳሾች ከቆዳ ጋር መነካካቱን ይከታተላል፤ ሲወልቅ ይቆለፋል፣ በተቆለፈበት ጊዜም ሱቅ ውስጥ አይከፍልም። ቤት ውስጥ ሳለን ይህን አናስተውለውም፤ ሰዓቱ በአይፎን እንዲከፈት ተደርጎ የተዘጋጀ ከሆነ፣ እጅ ላይ እንዳለ አጠገቡ ያለው አይፎን ሲከፈት አብሮ ይከፈታልና። መንገድ ላይ ግን ላቡን ለመጥረግ ሰዓቱን ያወለቀ፣ ወይም ማሰሪያውን ከመጠን በላይ ያላላ ሰው የሰዓቱን የይለፍ ቁጥር ራሱ ማስገባት አለበት። ለወራት በስልኩ ብቻ ሲከፍት የኖረ ሰው ቁጥሩን ረስቶት ከሆነ፣ ካርዱ በቺፑ ውስጥ እያለ ውሃ መግዛት ያቅተዋል። ስልክ ትቶ ለመውጣት የሚያስብ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ቁጥሩን አንድ ጊዜ በእጁ ማስገባት እንዲለምድ አጥብቄ እመክራለሁ።

[ምስል፦ የምድር ባቡር መግቢያ በር።]

ሯጯ ወደ ቤቷ የምትመለሰው በለንደን የምድር ባቡር ነው። ይህ ባቡር ከ2014 ጀምሮ የባንክ ካርዶችን በቀጥታ በመግቢያው በር ላይ ይቀበላል። እዚህ የሚገርመው በሩም ቢሆን ባንኩን ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ የማይጠብቅ መሆኑ ነው፤ ሰው እንዳይከማች በግማሽ ሰከንድ ገደማ ውስጥ መወሰን ስላለበት፣ የቀረበለት ማስረጃ ትክክለኛ መሆኑንና ቁጥሩ በታገዱት ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን ብቻ አጣርቶ ይከፈታል። የቀኑ ጉዞ ሒሳብ የሚደመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሒሳቡን የሚደምረው ሥርዓት ተሳፋሪዋን የሚያውቃት በምትክ ቁጥሩ ነው። በሰዓቷ ገብታ በሰዓቷ ከወጣች አንድ የተሟላ ጉዞ ይመዘገባል። ሌላ ቀን አይፎኗን ይዛ በሰዓቷ ገብታ በአይፎኗ ብትወጣ ግን፣ ካርዷ አንድ ቢሆንም ሥርዓቱ ሁለት ሰዎችን ያያል፤ አንዱ ገብቶ ያልወጣ፣ ሌላው ሳይገባ የወጣ። ለሁለቱም ያልተሟላ ጉዞ ከፍተኛውን ዋጋ ሊያስከፍላት ይችላል። በደረሰኝ ላይ የሚታዩት የመጨረሻ አራት አሃዞች ከፕላስቲክ ካርዷ አሃዞች ጋር የማይገጥሙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰዓቱ ቢጠፋስ? ግንኙነት ስለሌለው ከርቀት ልንደርስበት አንችልም የሚለው ስጋት በክፍያ ረገድ መሠረት የለውም። ሯጯ በአይክላውድ በኩል ሰዓቱ መጥፋቱን ስትመዘግብ፣ ወይም ወደ ባንኳ ስትደውል፣ ምትክ ቁጥሩ የሚታገደው በሰዓቱ ውስጥ ሳይሆን በካርድ ኔትወርኩና በባንኩ ዘንድ ነው። ሰዓቱ የመታገዱን ወሬ ባይሰማም የሚሰጠው ማስረጃ በሱቁ ማሽን በኩል ባንኩ ዘንድ ሲደርስ ውድቅ ይደረጋል፤ በቦርሳዋ ያለው ፕላስቲክ ካርድ ግን ቁጥሩ ሌላ በመሆኑ ሳይለወጥ መሥራቱን ይቀጥላል።