ማታ የተጠጣ አረቄ ሌሊት ስኳር ሲያወርድ

አድማጭ ከሐይቅ፦ ዶክተር፣ ባለቤቴ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋል። ሠርግ ውሎ ጠላም አረቄም ጠጥቶ ገባ። ስንለካው 230 ስለነበር መርፌውን ወግቶ እራት ሳይበላ ተኛ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በላብ ርሶ ይንተባተባል። ስካር ነው ብዬ ልተወው ስል ልጄ ለካው፤ 48! ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ልጅዎ ደግ አደረገ እትዬ። ሳንበላ በምናድርበት ሰዓት ደማችን ውስጥ ስኳር የሚጨምረው ጉበት ነው። አልኮል ሲገባበት ግን እሱን ማስወገድ ይቀድምበትና አዲስ ስኳር መሥራቱን ይቀንሳል። ያጠራቀመው ለጥቂት ሰዓታት ያቆያል፤ ሲያልቅ ስኳሩ ይወርዳል። ለዚህ ነው መውረዱ መጠጥ ቤት ሳይሆን እንቅልፍ ላይ የሚመጣው። እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊመጣም ይችላል።

ያታለላችሁ 230 ነው። የሠርጉ ምግብና ጠላው መጀመሪያ ስኳሩን ከፍ ያደርጉታል። አንዳንዱ ይህን አይቶ ኢንሱሊን ይጨምራል፣ ሌላው እንደ ባለቤትዎ እራቱን ይተዋል። የማታው መርፌ ግን ሌሊቱን ይሠራል፤ እስክስታ ወርደው ከሆነ ደግሞ ጡንቻቸውም ስኳር ሲስብ ያድራል።

ስካርንና የስኳር መውረድን በዓይን መለየት አይቻልም፤ የአረቄ ሽታም ማስረጃ አይሆንም። ይለኩ። መለኪያ መሣሪያ ከሌለ ወርዷል ብለው ይቁጠሩት። መዋጥ ከቻሉ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ያጠጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙ። ሲስተካከል ዳቦ ወይም እንጀራ ያብሏቸው። መጠጡ ገና ከሰውነት ስላልወጣ ተመልሶ ሊወርድ ይችላልና እስኪነጋ በየሁለት ሰዓቱ ይለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ አፋቸው ውስጥ ምንም አይጨምሩ፤ በጎናቸው አስተኝተው ወዲያው ሆስፒታል ያድርሷቸው።

ለወደፊቱ አለመጠጣት ይሻላቸዋል። ከጠጡም በልተው፣ ከሁለት መለኪያ ሳያልፉ። የቤት አረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሁለቱም ሊበዛ ይችላል። ማታ ስኳሩ ከፍ ብሎ ቢታይ እንኳ በመጠጡ ሰበብ ኢንሱሊን አይጨምሩ፣ እራት አይዝለሉ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የስልክ ማንቂያ ሞልታችሁ ተነሥታችሁ ለኩ። የመርፌውን መጠን የሚቀይረው ግን የሚከታተላቸው ሐኪም ብቻ ነው።

አድማጭ ከኮምቦልቻ፦ እኔ ክኒን ነው የምውጠው፤ ይመለከተኛል?

መልስ፦ እንደ ክኒኑ ነው ወንድሜ። ግሊቤንክላሚድ ከሆነ አዎ፤ እንዲያውም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳሩ ተስተካክሎ እንደገና ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በስኳር ውሃ ቢሻልዎትም ሆስፒታል ሄደው መታየት አለብዎት። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን እምብዛም አያወርድም። እሱን እየወሰዱ ብዙ መጠጣት ግን፣ በተለይ ኩላሊት ወይም ጉበት ለታመመ ሰው፣ ደም ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ አሲድ ሊያጠራቅም ይችላል። ማሸጊያው ላይ ያለውን ስም አንብበው ይደውሉልኝ።